ዕቁቡን ሽያጭ ብዬ ቆጥሬው ነበር

ባለፈው ሐምሌ ጅማ ሄርማታ የቤት ዕቃ የሚነግዱ አንዲት እናት የዓመቱን ትርፍ እንድሠራላቸው ጠሩኝ። የሽያጭ መዝገብ የላቸውም። ያለው የባንክ ስቴትመንት፣ የአቅራቢ ደረሰኝ፣ የአምናና የዘንድሮ የሰኔ 30 ቆጠራ ነው።

ባንክ የገባው ብር 2,400,000 ነበር። በዓመቱ የጨመረውን ዱቤ 30,000 ደመርኩበትና ሽያጩ ይሄ ነው አልኩ። የተሸጠው ዕቃ መግዣ 2,150,000፣ ኪራይና የረዳት ደሞዝ 180,000 ሲቀነስ ትርፉ 100,000 ሆነ።

"ልጄ፣ እኔ ለቤት ብቻ በወር ሃያ ሺህ አወጣለሁ። ከየት አምጥቼ ነው?" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በዓመት 240,000 ለቤት ወጥቶ፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ ደግሞ ካምናው በልጧል። ስቴትመንቱን መስመር በመስመር ሳይ አንድ ቀን 300,000 ድፍን ብር ገብቷል። ጠየቅኳቸው፤ ዕቁብ ደርሷቸው ነው። ሽያጭ አይደለም፣ ይቀነስ። ቀጥዬ ከመሳቢያው ባንክ ሳይደርስ የሚወጣውን ጠየቅኩ፦ ለቤት 240,000፣ ለዕቁብ በወር 15,000 እየተጣለ 180,000፣ ለረዳቱ 60,000። ይሄ ሁሉ የተሸጠ ዕቃ ብር ነው፣ ባንክ ስላልገባ ብቻ ነው እኔ ያላየሁት። መሳቢያው ውስጥ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ከአምናው እኩል ስለሆነ እሱን አልነካሁትም። ሽያጩ 2,610,000፣ ትርፉ 280,000 ወጣ።

በሌላ መንገድም ላረጋግጥ ብዬ ወደ ቆጠራው ሄድኩ። አምና ዕቃው፣ ዱቤው፣ ባንኩና ጥሬ ገንዘቡ ተደምሮ የአቅራቢ ዕዳ ሲነሳለት የተጣራ ሀብታቸው 450,000 ነበር፣ ዘንድሮ 610,000። ልዩነቱ 160,000 ነው፤ ለቤት ያወጡት ሲመለስበት ትርፉ 400,000 ይሆናል። ቀደም ብዬ ካወጣሁት 280,000 በ120,000 ይበልጣል! ብዙ ቆየሁበት። በኋላ ነው ዕቁቡ 20 ሰው እንዳለው፣ ገና 8 ወር እንደሚቀራቸው ያሰብኩት። 8 ጊዜ 15,000፣ ልክ 120,000። ብሩን ወስደዋል፣ ቀሪው ዕዳ ነው፣ እኔ ግን ዕዳ ውስጥ አላስገባሁትም። ሲገባ ሀብታቸው 490,000፣ ትርፉ 280,000።

ሁለቱ ገጠሙ፣ ግን ልቤ አላረፈም። ለቤት የሚወጣው ሃያ ሺህ የእሳቸው ግምት ነው፣ በሁለቱም ስሌት ውስጥ ደግሞ አለ። በወር ሃያ አምስት ቢሆን ሽያጩም ትርፉም በ60,000 ያድጋል፣ ሁለቱ መንገዶች እንደገጠሙ ይቀራሉ። ስለዚህ ደህና የሚሸጡትን ዕቃዎች ደረሰኝ አውጥቼ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አስተያየሁ። እኔ ባወጣሁት ሂሳብ በ100 ብር የተገዛ በ121 ብር ገደማ መሸጥ አለበት። ሳህኑም፣ ድስቱም፣ ባልዲውም ከ120 እስከ 122 እየሆነ መጣ። ያኔ ነው ወረቀቱን የፈረምኩት።