ማሽኑ ከሳጥኑ ሳይወጣ ማርጀት ጀመረ

ቋሚ ንብረት ሲገዛ መዝገብ ላይ የማሰፍረውና በየወሩ የእርጅና ቅናሹን የማሰላው እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ይህን የምሠራው ኢንቮይሱን ፊቴ ዘርግቼ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጻፍኩ ነበር። በኋላ ፒዲኤፍ ኢንቮይስ የሚያነብ ፕሮግራም አገኘን። ሻጩን፣ ቀኑንና ጠቅላላ ዋጋውን ለቅሞ ያወጣል። እኔም ያወጣውን ዋጋና ቀን በቀጥታ ከንብረት መዝገቡ ጋር አገናኘሁትና እፎይ አልኩ።

እፎይታው የቆየው አንድ ማተሚያ ማሽን እስኪገዛ ድረስ ነው።

የማሽኑ ኢንቮይስ ላይ ያለው ይህ ነበር። ማሽኑ 480,000፣ ከዚያ ላይ ዲስካውንት 20,000፣ ማጓጓዣ 12,000፣ ተከላና ሙከራ 20,000፣ የኦፕሬተር ሥልጠና 8,000። ድምሩ 500,000። ቫት 15 በመቶ 75,000። ጠቅላላ 575,000። ቀኑ ደግሞ 03/04/2024።

ፕሮግራሙ ዋጋ ብሎ 575,000 አወጣ። ቀን ብሎ ማርች 4 አወጣ። በንባብ ደረጃ አንዲት ቁጥር አላሳሳተም፤ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። የአገልግሎት ዘመኑን 5 ዓመት፣ ቀሪ ዋጋውን 12,000 አድርጌ ሞላሁ። በቀጥተኛ መስመር ዘዴ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከዋጋው ላይ ቀሪ ዋጋውን ቀንሶ ለ60 ወር ማካፈል። በወር 9,383.33 መጣ። አጽድቄ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው ኤፕሪልን ስዘጋ ነው። የማሽኑ የወር ቅናሽ 18,766.66 ሆኖ ተመዘገበ። የወሩ እጥፍ መሆኑ ነው። ሶፍትዌሩ ንብረቱ በማርች ሥራ ጀምሯል ብሎ ስላመነና ማርች ስለተዘጋ፣ ያለፈውን ወር ጨምሮ በኤፕሪል መዝግቦታል። አየሁት። “ካች አፕ ነው” ብዬ አለፍኩት። እውነትም ካች አፕ ነበር፤ ግን ኤፕሪል ውስጥ የደረሰን ኢንቮይስ ለምን ወደ ማርች እንደሚመለስ አልጠየቅኩም። ዛሬ ከአዲስ ንብረት የመጀመሪያ ወር ላይ እጥፍ ቁጥር ካየሁ ሌላውን ሁሉ ትቼ ቀኑን ነው የማየው።

ነገሩ የፈነዳው በጁን መጨረሻ ነው። የየክፍሉን የንብረት ዝርዝር ለማመሳከር ወደ ምርት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ወረቀቱን አየና ሳቀ።

“ማርች ላይ ሥራ ጀመረ ነው የምትለኝ?”

“መዝገቡ እንደዚያ ነው የሚለው።”

“እንዴ! ይሄ ማሽን እኮ ሜይ እስኪጋመስ ድረስ በሳጥን ነበር። እኔ ነኝ የፈረምኩት።”

የርክክብ ሰነዱን ከመሳቢያው አወጣ። ዕቃው የገባው 18/04/2024 ነው። ተከላው አልቆ፣ ሙከራው ተሳክቶ የተፈረመው ደግሞ 20/05/2024። ያቺን 18 ሳይ ሁለት ነገር ገባኝ። 18 የሚባል ወር የለም፤ ስለዚህ ሻጩ የሚጽፈው ቀኑን አስቀድሞ ነው። ኢንቮይሱም ኤፕሪል 3 እንጂ ማርች 4 አይደለም ማለት ነው። ሲቀጥል፣ በትክክል ቢነበብም ያ ቀን ለእርጅና ቅናሽ መነሻ አይሆንም ነበር።

መጀመሪያ ቀኑን ልጨርስ። 03/04 ዓይነት ቀን ብቻውን ቆሞ አይፈታም። ኢንቮይሱ ራሱ ግን መፍቻ ነበረው፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። መክፈያው በ30 ቀን ይላል፣ የመክፈያው መጨረሻ ደግሞ 03/05/2024 ተብሎ ተጽፏል። ወሩን አስቀድመህ ካነበብከው ከማርች 4 እስከ ማርች 5 አንድ ቀን ነው። ቀኑን አስቀድመህ ካነበብከው ከኤፕሪል 3 እስከ ሜይ 3 ልክ 30 ቀን ነው። አሁን ፕሮግራሙ የመክፈያውን ቀንም እንዲያወጣ አድርጌዋለሁ። ሁለቱ ከክፍያ ውሉ ጋር ካልገጠሙ ረድፉ አያልፍም። ቀኑንም ወረቀቱ ላይ እንዳለ፣ ሳይተረጎም፣ በአንድ ዓምድ አስቀምጠዋለሁ። ተቀይሮ ብቻ ከተቀመጠ የመጀመሪያው መልክ ይጠፋና ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጣል። ስለ ቋሚ ንብረት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ፣ አይኤኤስ 16፣ የእርጅና ቅናሽ የሚጀምረው ንብረቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ሲሆን ነው ይላል፤ ማለትም በታሰበው ቦታና ሁኔታ ላይ ሲገኝ። የተገዛበት ቀን ንብረቱ መቼ እንደተገኘ ይናገራል እንጂ መቼ ዝግጁ እንደሆነ አይናገርም። ላፕቶፕ ቢሆን ሁለቱ ቀናት ይቀራረባሉ፣ ችግሩም አይታይም። ተከላ የሚፈልግ ማሽን ሲሆን ግን በመካከል ሳምንታት ይገባሉ። በእኛ ማሽን ከኤፕሪል 3 እስከ ሜይ 20 ነው። በዚያ ጊዜ ወጪው በተከላ ላይ ያለ ንብረት ሆኖ ይቀመጣል፤ ቅናሽ አይሰላበትም።

የምርት ክፍሉ ኃላፊ አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። ማሽኑ ከተፈረመ በኋላም ሥራ ስላልመጣ እስከ ጁን 10 ቆሞ ነበር። “ታዲያ ከጁን 10 አትጀምርም?” አለኝ። አልጀምርም። መስፈርቱ ዝግጁ መሆኑ ነው፣ መሥራቱ አይደለም። በቀጥተኛ መስመር ዘዴ ማሽኑ ቆሞ ዋለም ሠራ የወሩ ቅናሽ ይቀጥላል።

ከወር አጋማሽ ለሚጀምሩ ንብረቶች ደግሞ የየድርጅቱ ልማድ አለ። የኛ እስከ 15ኛው ቀን ዝግጁ የሆነ ከዚያው ወር መጀመሪያ፣ ከዚያ ያለፈ ከቀጣዩ ወር መጀመሪያ ነው። ኤክሴል ውስጥ B2 ላይ ዝግጁ የሆነበት ቀን ካለ ቀመሩ ይኸው፦

```
=IF(DAY(B2)<=15, EOMONTH(B2,-1)+1, EOMONTH(B2,0)+1)
```

ሜይ 20 ስታስገባ ጁን 1 ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋጋው። ይህኛው ነው በጣም ያናደደኝ፤ ምክንያቱም ማመሳከሪያዬ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው። ንብረት መዝገቡ 575,000 ይላል። ሌጀሩ ላይ ግን የግዢ ክፍል ባልደረባዬ ቫቱን ለይታ 75,000ውን ወደ ተመላሽ ቫት፣ 500,000ውን ወደ ንብረት ሒሳብ አስገብታለች። ሁለቱን ሳመሳክር ልዩነቱ 75,000 መጣ፣ ቫቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ተመላሽ የሚሆን ቫት የንብረቱ ዋጋ አካል አይደለም። (ድርጅቱ ቫቱን ማስመለስ የማይችል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በንብረቱ ላይ የተከፈለው ቫት ዋጋው ውስጥ ይገባል።)

መዝገቡን 500,000 አድርጌ አስተካክዬ፣ ከሌጀሩ ጋር ገጠመልኝ ብዬ ልዘጋው ስል ነው ሥልጠናው ትዝ ያለኝ። 8,000ው በሁለቱም ቦታ ንብረት ተብሎ ተቀምጧል። ሁለቱም እኩል ሲሳሳቱ ማመሳከሪያ ዝም ይላል። የሠራተኛ ሥልጠና ንብረቱን ወደ ቦታውና ወደ ሥራ ሁኔታው ለማምጣት የወጣ ወጪ ተብሎ አይቆጠርም፤ የወሩ ወጪ ነው። ማጓጓዣው፣ ተከላውና ሙከራው ግን ይገባሉ። ዲስካውንቱ ይቀነሳል። ስለዚህ 480,000 ሲቀነስ 20,000፣ ሲደመር 12,000፣ ሲደመር 20,000፤ እውነተኛው ዋጋ 492,000። ይህ ቁጥር ኢንቮይሱ ላይ የትም አልተጻፈም። ፕሮግራሙ የቱንም ያህል ጥሩ አንባቢ ቢሆን የሌለ ቁጥር ሊያነብልኝ አይችልም ነበር።

በትክክለኛው ዋጋ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

```
=SLN(492000, 12000, 60)
```

በወር 8,000። በ2024 ከጁን እስከ ዲሴምበር 7 ወር፣ 56,000። ከ2025 እስከ 2028 በየዓመቱ 96,000። በ2029 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 5 ወር፣ 40,000። ሲደመር 480,000፤ የሚቀረው 12,000ው ቀሪ ዋጋ ብቻ። ይህን ድምር ለእያንዳንዱ አዲስ ንብረት እስከ መጨረሻው ወር ወርጄ አየዋለሁ። በተሳሳተው ስሌት 9,383.33 በ60 ሲባዛ 562,999.80 ነው፣ 20 ሳንቲም ይተርፋል። እንዲህ ያለ ጥራጊ ሲኖር የመጨረሻው ወር ላይ ይጠቃለላል፤ አለበለዚያ ንብረቱ መዝገብ ላይ ለዘላለም ሳንቲም ይዞ ይቀመጣል።

ማረሚያው አላስቸገረም፣ ምክንያቱም ዓመቱ አልተዘጋም። እስከ ጁን የተመዘገበው ቅናሽ 37,533.32 ነው። መመዝገብ የነበረበት የጁን 8,000 ብቻ። ልዩነቱን 29,533.32 የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽን ዴቢት፣ የእርጅና ቅናሽ ወጪን ክሬዲት አድርጌ መለስኩት። ሥልጠናውን 8,000 ከንብረት ሒሳብ አውጥቼ ወደ ወጪ ወሰድኩ። ከዓመት መዝጊያ በኋላ ቢገኝና መጠኑ ከበድ ያለ ቢሆን ያለፈውን ዓመት ሪፖርት እስከማረም ያደርስ ነበር።

አሁን ፕሮግራሙን አልጣልኩትም። የሚያወጣውን ግን ቀይሬዋለሁ። ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ያወጣል፣ እኔ ከጎኑ “ይገባል” ወይም “ወጪ” እላለሁ። ዋጋው ከኔ ምልክት ይደመራል። የግዢው ቀን በራሱ ዓምድ ይቀመጣል። ዝግጁ የሆነበት ቀን ግን ከኢንቮይስ አይሞላም፤ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፣ የሚሞላውም የተፈረመ የርክክብ ወረቀት ሲደርሰኝ ነው። ባዶ እስከሆነ ድረስ ስሌቱ አይጀምርም።

ይህን ስጽፍ ሁለት ረድፎች ባዶ ሆነው እየጠበቁ ነው። አንደኛው ጄኔሬተር ነው፣ ገመዱ ገና አልተዘረጋም። የምርት ክፍሉ ኃላፊ ባየኝ ቁጥር “እሱስ አረጀ?” ይለኛል።