«30 ቤት» ብዬ ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ

ለማስተርስ ለማመልከት ትራንስክሪፕት ማስወጣት፣ ፓስፖርት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና… ሁሉም ጊዜና ብር ይበላል፤ ግን እንደምንም ያልቃል። ስለዚያ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔን ሁለት ዓመት ያስቀመጠችኝ ሞቲቬሽን ሌተሩ ውስጥ ያለች አንዲት አንቀጽ ናት፤ ስለ መመረቂያ ጥናቴ የጻፍኳት።

ጥናቱ ይሄ ነው። አራት ተማሪዎች ሆነን ጎንደር፣ አዘዞ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ 36 ቤት ዞርን። ከየቤቱ ሁለት ናሙና ወሰድን፤ አንዱን ከቧንቧው፣ ሌላውን ለመጠጥ ከተቀመጠው ጀሪካን። ማወቅ የፈለግነው ውሃው የሚበከለው ቤት ሳይደርስ ነው ወይስ ከተቀዳ በኋላ የሚለውን ነበር። ከእያንዳንዱ ናሙና 100 ሚሊ ሊትር በሜምብሬን አጣርተን 44.5 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳደርን። በማግስቱ ከሰገራ የሚመጣ ብክለትን የሚጠቁሙትን ኮሎኒዎች ቆጠርን። ተመረቅን። ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። አልታተመም።

የመጀመሪያ ዓመት ደብዳቤዬን ስጽፍ አንድ ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ምክር ይዤ ነበር። አሠልጣኙ «ድክመታችሁን እንዳትጽፉ፤ እነሱ ራሳቸው ይፈልጉት» ብሎናል። እኔም ታዘዝኩ። «የጎንደር ከተማን የመጠጥ ውሃ ጥራት አጥንቻለሁ» አልኩ። ስለ ፖሊሲ አውጪዎችም አንድ ነገር ጣል አደረግሁ። መጨረሻ ላይ «ጽሑፉ በጆርናል ግምገማ ላይ ይገኛል» ብዬ ዘጋሁት። ጽሑፉ የነበረው ፍላሼ ላይ ነው። ለማንም አልላክሁትም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። በኢንተርኔት ነው። ደስታዬ አሥር ደቂቃ አልቆየም። አንዷ ጠያቂ ጆርናሉ የትኛው እንደሆነና መቼ እንደላክሁት ጠየቀችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ጨዋታ ለመጀመር ይመስለኛል። «ገና… እያዘጋጀን ነው» አልኩ። ቀጥላ የከተማው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ከአንገረብ ግድብና ከጉድጓዶች አልኳት። «ታዲያ ናሙናውን ከሁሉም መስመር ነው የወሰዳችሁት?» አለች። አንድ ቀበሌ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን የባሰው ነው። «አንተ ራስህ የሠራኸው የቱን ነው?» ደብዳቤው ላይ ሁሉንም «አጠናሁ፣ ተነተንኩ» ብዬ ነበር። ስታትስቲክሱን የሠራው ጓደኛዬ ነው። የትኛውን ፈተና ለምን እንደመረጥን ስትጠይቀኝ ላብ አጠመቀኝ።

«ግምገማ ላይ» ማለት አንድ ጆርናል ጽሑፉን ተቀብሎ ለገምጋሚዎች ልኮታል ማለት ነው። የተላከበት ቀንና ቁጥር አለው። «በዝግጅት ላይ» የሚባለው ደግሞ ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ሁሉ ነው፤ እኔ ብሆን ጨርሶ አልጽፈውም።

በሁለተኛው ዓመት ተገለበጥኩ። «ምንም እንኳ ጥናቴ አነስተኛና ያልታተመ ቢሆንም፣ በአገራችን ባለው የላብራቶሪ ችግር የተነሳ…» እያልኩ ሄድኩ። እውነት ስለሆነ ትሕትና መስሎኝ ነበር። ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልጠሩኝም። ደብዳቤውን ፒያሳ ቡና እየጠጣን ያየው ጓደኛዬ በእስክሪብቶ ማስመር ጀመረ። አንቀጹ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሦስቱ ላይ አሰመረ። «ይሄ ማመልከቻ ነው የይቅርታ ደብዳቤ?» አለኝ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ግን እኮ ምን እንዳገኛችሁ የትም ቦታ አልጻፍክም» አለ። እውነቱን ነው። ለይቅርታው ቦታ ስሰጥ ውጤቱን ረስቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ የላብራቶሪ ደብተሬን ፈልጌ አወጣሁ። እዚያ ውስጥ ስናፍርበት የኖርነው ነገር ተጽፎ አለ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ናሙና የሚወሰድበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀድሞ ሶዲየም ታዮሰልፌት ካልተጨመረ፣ ክሎሪኑ ጠርሙሱ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል። ላብራቶሪ እስኪደርስ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ውሃው ከነበረበት የበለጠ ንጹሕ ሆኖ ይነበባል። እኛ በመጀመሪያው ቀን ታዮሰልፌት አልነበረንም። የዕቃ ክፍሉ ሰው ቁልፉን ይዞ «ሰኞ ኑ» አለን። መኪና የተፈቀደልን ለዚያ ቀን ስለነበር ሄድን። ስድስት ቤት። አንዷ እናት «ልጆቼ፣ በዚህች ብልቃጥ በሽታ ይታያል?» ሲሉን «አዎ እማማ» ያልናቸው ትዝ ይለኛል። አሁንም ያናድደኛል፤ ሰውዬውም፣ እኛም።

ስድስቱን ቤቶች ከትንተናው አወጣናቸው። አማካሪያችን ቁጥሩ አነሰ ብለው አጉረመረሙ። እኔም ለዓመታት «36 አቅደን 30 ቀረን» የሚለውን እንደ ነውር ደበቅሁት። ደብተሩን ሳየው ግን ሌላ ነገር ገባኝ። ጀሪካን ውስጥ የቆየ ውሃ ክሎሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚያልቅ፣ የታዮሰልፌት አለመኖር የሚጎዳው በዋናነት የቧንቧውን ንባብ ነው። ስለዚህ ስድስቱን ባናወጣ ኖሮ ስህተቱ እኛ ወደምንፈልገው መልስ ያደላ ነበር። ቧንቧው ንጹሕ፣ ጀሪካኑ ቆሻሻ። ማውጣታችን ከጥናቱ ሁሉ ጥሩው ሥራችን ነበር፤ እኛ ደግሞ ደብቀነዋል!

አዲሱ አንቀጽ በአማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስል ነበር፦

«ለመመረቂያ ጥናታችን አራት ሆነን በአዘዞ አንድ ቀበሌ የ30 ቤቶችን የቧንቧና የጀሪካን ውሃ አወዳደርን። የእኔ ድርሻ ናሙና መውሰድ፣ ማጣራትና ኮሎኒ መቁጠር ነበር። በ23 ቤቶች የጀሪካኑ ቁጥር ከቧንቧው በልጧል። የመጀመሪያውን ቀን 6 ቤቶች አውጥተናል፤ ጠርሙሶቹ ታዮሰልፌት ስላልነበራቸው ቧንቧውን ከእውነታው በላይ ንጹሕ ያስመስሉ ነበር። ቤቶቹ በዕጣ ስላልተመረጡ ውጤቱ ስለ ከተማው አይናገርም፤ ውሃው ጀሪካን ውስጥ በምን ምክንያት እንደሚበከልም አይለይም። በማስተርስ ማጥናት የምፈልገው ይህንኑ ነው።»

«ብቻ» የለም። «ምንም እንኳ» የለም። «ከፍተኛ አስተዋጽኦ» የለም። አልታተመም የሚል ቃልም የለም፤ ሲቪው ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጥናት» ስለሚል ማንም አይሳሳትም። «አወዳደርን» ብዬ ጀምሬ «የእኔ ድርሻ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። በቡድን የተሠራን ጥናት «እኔ» ብሎ መጻፍ ዋሾ ያደርጋል። ሁሉንም «እኛ» ማለት ደግሞ አንባቢው እናንተን እንዳያገኛችሁ ያደርጋል።

አሠልጣኙ ድክመት አትጻፉ ብሎ ነበር፤ የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው። አንድ ጻፉ። ግን ውጤቱን በየት በኩል እንደሚያጣምመው መናገር የምትችሉትን ምረጡ። «ናሙናችን ትንሽ ነበር» ማንም ይላል፤ ምንም አይነግርም። መብራት ጠፋ፣ ሪኤጀንት አልነበረም የሚለውም ብቻውን ስሞታ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ሲቀዘቅዝ የትኞቹን ሳህኖች እንደጣላችሁና ለምን እንደሆነ ከጻፋችሁ ግን የላብራቶሪ ሰው ያነበዋል።

በሦስተኛው ዓመት ቃለ መጠይቅ ግማሹ ሰዓት ስለ ታዮሰልፌት አለቀ። ሌላ ጠያቂ «ታዲያ ስድስቱን ቤቶች ለምን ተመልሳችሁ አልወሰዳችሁም?» አለኝ። ለተጨማሪ ቀን መኪና አልተፈቀደልንም አልኩት። ሳቀ። እሱም ተማሪ ሆኖ መኪና ጠብቆ ያውቃል መሰለኝ። ተቀበሉኝ።

ባለፈው ወር ከቡድናችን አንዷ ልታመለክት አንቀጹን ላክልኝ አለችኝ። ላክሁላት። በማግስቱ ደወለች። «ማጣራቱንና መቁጠሩን እኔ ነኝ ብዬ ልተወው? እንግሊዝኛው እኮ ያምራል።» አንቺ 36ቱንም ቤት ገብተሽ መጠይቁን የሞላሽው ነሽ፣ እሱን ጻፊ አልኳት። «እሱማ ቀላል ነው» አለች። የአንዱን ቤት በር ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ያስከፈተችው እሷ ነበረች።