ጉብ ማለት የነበረበት ሎጎ ለምን ሰምጦ ታየ?

የአንዲት ደንበኛዬ ሎጎ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ናት። በቢዝነስ ካርዱ ፊት ላይ በወርቃማ ፎይል፣ ማለትም በሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን፣ እንድትታተም አሰብኩ። በካርዱ ጀርባና በሌተርሄዱ፣ ማለትም በደብዳቤ ወረቀቷ፣ አናት ላይ ደግሞ ያለ ቀለም፣ ወረቀቱ ራሱ ጉብ ብሎ ወፏን እንዲያወጣት፤ ይህን ኢምቦስ ይሉታል። ማተሚያ ቤት ከመሄዳችን በፊት ሞክአፕ፣ ማለትም ሥራው ታትሞ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ምስል፣ ሠርቼ ላኩላት። መልሷ አጭር ነበር። «ወፏ ለምን ወደ ውስጥ ገባች? ወርቁስ ለምን ቢጫ ሆነ?»

ምስሉን እንደገና ከፍቼ አየሁት። እውነቷን ነው። ኢምቦስ ያደረግኩት ሎጎ በጣት የተጫኑት ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጥልቀቱን መጠን ነው። ከፍ አደረግኩት፣ ዝቅ አደረግኩት፣ ለውጥ የለም። በኋላ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያለችው እርሳስ ላይ አረፈ። ፎቶውን ያነሳሁት ከቀኝ በኩል ባለ መስኮት ብርሃን ነው። ስለዚህ የእርሳሷ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል። የወፏ ጥላ ግን ወደ ቀኝ ነው። ጉብ ያለ ነገር ብርሃኑ በሚመጣበት በኩል ይበራል፣ በተቃራኒው ይጠቁራል። የሰመጠ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ዓይን ይህን ሳይነገረው ያውቃል። እኔ ፎቶሾፕ ላይ ጉብታ የሚሰጠውን Bevel & Emboss ስከፍት የብርሃኑን ማዕዘን አልነካሁትም ነበር፤ 120 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ብርሃኑ ከላይ ከግራ እንደሚመጣ ሆኖ ቀርቷል። ለሁሉም ኢፌክት አንድ ብርሃን የሚሰጠውን Use Global Light አጥፍቼ ማዕዘኑን 20 ላይ ሳደርገው የሌተርሄዱ ወፍ ወዲያው ብድግ አለች።

የካርዱ ግን አሁንም ልክ አልመጣም። ይሄኛው ግማሽ ቀን ወሰደብኝ።

ጀርባው የሚታየውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ዘንበል አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት፣ 30 ዲግሪ ያህል። ሙሉውን ዲዛይን ከነኢምቦሱ Smart Object ውስጥ፣ ማለትም ሌየሮችን እንደ አንድ ጠቅልሎ በሚይዝ ሌየር ውስጥ፣ ከትቼ ነበር ያዞርኩት። ውስጥ ያለ ኢፌክት ደግሞ ከካርዱ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ብርሃኑም አብሮ ይዞራል። ስለዚህ በአንድ ፎቶ ውስጥ ሁለት ፀሐይ ያለ ይመስላል። መፍትሔው ኢፌክቱን ወደ ውጭ ማውጣት ነው። ወፏን ብቻ፣ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ፣ Smart Object ውስጥ አስገባሁ። ካርዱ ላይ አዙሬ ካስተካከልኳት በኋላ ኢምቦሱን በውጭ ባለው ሌየር ላይ ሰጠሁት። እንዲህ ሲሆን ማዕዘኑ የሚቆጠረው ከሙሉው ፎቶ አንጻር ነው፤ ካርዱ ወዴትም ቢዞር መስኮቱ ቦታው ላይ ይቆያል።

የሌየሩን Fill ወደ 0 ማውረድም ያስፈልጋል፤ የወፏ ቀለም ጠፍቶ የኢምቦሱ ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራል። ጥላውን ጥቁር አልተውኩትም። ከወረቀቱ እጥፋት ጥግ ላይ ቀለም ወስጄ ተካሁት፤ የነጭ ወረቀት ጥላ ጥቁር አይደለምና። አንድ ነገር ግን በፎቶሾፕ አይስተካከልም። ወረቀቱ ፎቶው ላይ በብርሃን ብዛት ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ የኢምቦሱ ብሩህ ጠርዝ የሚታይበት ቦታ አያገኝም። እኔ ድጋሚ ማንሳት ነበረብኝ። ትንሽ አጨለምኩት፣ የመስኮቱም ብርሃን ከወረቀቱ ጋር እኩል ዝቅ ብሎ በጎን እንዲመታው አደረግኩ። ያኔ የወረቀቱ ሸካራነት ራሱ ወጣ።

ወደ ወርቁ ስመጣ ስህተቴ ሌላ ነበር። ከደማቅ ቢጫ ወደ ቡናማ የሚሄድ ግራዲየንት ነው የሠራሁት። ፎይል ግን እንደ መስታወት ነው፤ የምናየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር በወርቅ ተነክሮ ነው። መስኮት ካየ ነጭ ይሆናል፣ የጨለመ ግድግዳ ካየ ጥቁር ቡናማ ይሆናል፣ በመሃል ያለው ወርቅነት ትንሽ ነው። ስለዚህ ወርቃማ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ካርቶን ላይ አጥብቄ ለጠፍኩ። ካርዱ በነበረበት ቦታ አስቀምጬ፣ ካሜራውን ከትራይፖዱ ሳላነቃንቅ፣ በዚያው ብርሃን አነሳሁት። ከዚያ ፎቶውን በወፏ ቅርጽ ቆረጥኩት። የአንዱ ክንፍ ጫፍ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው፣ ሌላው ክንፍ ጨልሟል። ደንበኛዬ ይህን ስታይ «አሁን ወርቅ ነው» አለችኝ። የሚገርመው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወፏ አካል ከበፊቱ በጣም የጠቆረ ነው።

ምስሉን ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ፎይል የሚመቱት ትልቅ ሰው ምስሉን አይተው ካርዱን በእውነተኛ መጠን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ካርዱ 85 በ55 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወፏ እዚያ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። በላባዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጥፍራቸው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ ይደፈናል» አሉ። ፋይሉ 600 ዲፒአይ ነበር። ክፍተቱን ብለካው 3 ፒክስል፣ ማለትም 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ሆነ። ፎይል በጋለ ብረት ተጭኖ ነው የሚያያዘው፤ እንዲህ የጠበበ ክፍተት ላይ ከዚህና ከዚያ ያለው ወርቅ ይገናኛል። ቢያንስ 0.3 ሚሊ ሜትር አድርጊው አሉኝ፤ በዚያ ፋይል 7 ፒክስል ገደማ ነው። ዘጠኝ የነበሩትን ላባዎች አምስት አደረግኳቸው። ለካርዱ ብቻ የተለየ ወፍ ሆነች፣ ግን ከሩቅ ስትታይ ከበፊቷ ይልቅ ጎልታ ትነበባለች።

ካርዱን ገልበጥ አድርገውም ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ጀርባው ላይ ጉብ ያለው ፊቱ ላይ ይሰምጣል። ፎይሉን የት ልታደርጊው ነው?» ይሄ ጨርሶ አልታየኝም ነበር። ሞክአፕ ላይ ሁለቱ ካርዶች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ አንዱ የሌላው ጀርባ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ሁለት ወረቀት ለየብቻ ተሠርቶ ቢጣበቅ ይቻላል፣ ካርዱ ግን ይወፍራል። ደንበኛዬ ወፍራሙን መረጠች። እኔም ተመልሼ በሞክአፑ ላይ የካርዱን ጠርዝ አወፈርኩት፣ ጥላውንም አሰፋሁት።

ለሌተርሄዱ 100 ግራም ወረቀት ነበር የመረጥነው። እንዲህ ባለ ቀጭን ወረቀት ላይ ኢምቦስ ጥልቅ ከሆነ ጠርዙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ የምስሉን ጥልቀት በግማሽ ቀነስኩት፤ ደንበኛዬም የምትጠብቀውን እንድታውቅ። ደንበኛዬ በመሃል ሌተርሄዱም ፎይል እንዲኖረው ፈልጋ ነበር። ደብዳቤዎቿን በሌዘር ፕሪንተር ነው የምታትመው፤ የሌዘር ፕሪንተር ሙቀት ደግሞ ለዚያ ያልተሠራን ፎይል ሊያላቅቀው ይችላል። ይህን ስነግራት ተወችው።

ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ሰባት ዕቃ ነበር። በመጨረሻ እርሳስና የተዘጋ ማስታወሻ ደብተር ብቻ ቀሩ። እርሳሷን ያስቀረኋት ለውበት ብቻ አይደለም። ውፍረቷ 7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ካርዱ ከልክ በላይ ትልቅ ከሆነ ወዲያው ታጋልጣለች። ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ካርዱ ከዚያ ከግማሽ በታች መሆን አለበት። የመጀመሪያው ምስሌ ላይ ካርዱ ከግማሽ በልጦ ነበር። ሌተርሄዱ የማስታወሻ ወረቀት የመሰለውም ለዚህ ነው።