ኢንሱሊን ለምን እንደዘገየ፦ ከማነቃቂያ መዝገብ ወደ አንድ ገጽ የማስተላለፊያ ደብዳቤ

በድንገተኛ ክፍል ያከምኩትን ሰው ወደ ውስጥ ደዌ ክፍል ለማስተላለፍ ደብዳቤ ልጽፍ ስቀመጥ አስቀድሜ የማስበው ስለ ተቀባዩ ሐኪም ነው። ይህ ሐኪም ታካሚውን ከዚህ በፊት አላየውም፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ግን የሚቀጥለውን መድኃኒት ማዘዝ፣ የሚቀጥለውን ምርመራ መወሰን ይጠበቅበታል። ስለዚህ ደብዳቤው የተሠራውን ሁሉ ከመዘርዘር ይልቅ ተቀባዩ በቀላሉ ሊስትባቸው የሚችሉትን ውሳኔዎች አስቀድሞ ማብራት አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህን እንዴት እንደማደርገው በአንዲት ታካሚ ደብዳቤ ላሳይ፤ ማንነቷን የሚገልጹ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ።

ታካሚዋ የ26 ዓመት ወጣት ስትሆን ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት። ለሁለት ቀናት ስታስመልስ ቆይታ፣ ምግብ ስላልበላች ኢንሱሊኗንም አቋርጣ ነበር። በ02:10 ትሪያጅ ስትደርስ የልብ ምቷ 128፣ የደም ግፊቷ 86/54፣ አተነፋፈሷ በደቂቃ 34 እና ጥልቅ፣ ሙቀቷ 38.4 ነበር፤ ትጠራለች፣ ትመልሳለች፣ ነገር ግን ያለችበትን ቦታ ታምታታለች። በጣት የተለካው የደም ስኳር 486 ሆኖ በሽንቷ ውስጥ ኬቶን በብዛት ተገኘ። ከዚህ በኋላ ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ መሆኑን ለመጠርጠር ሌላ ነገር አያስፈልግም፤ ከላቦራቶሪ የመጣው ፒኤች 7.08፣ ባይካርቦኔት 7፣ አኒዮን ጋፕ 28 ይህንኑ አረጋገጠ። ያልተለመደው ፖታሲየሙ ነበር፦ 3.0።

የደብዳቤው ማዕከል ይህ ቁጥር ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ኬቶአሲዶሲስ ያለበት ሰው በማስመለስና በብዙ ሽንት አማካይነት ከሰውነቱ ብዙ ፖታሲየም ያጣል፤ ሆኖም ኢንሱሊን ስለሌለና ደሙ አሲዳማ ስለሆነ ፖታሲየም ከሕዋሳት ወደ ደም ስለሚወጣ፣ በአብዛኞቹ ታካሚዎች ላይ የመጀመሪያው ውጤት ደህና ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ይታያል። ገና ሲደርሱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጉድለቱ እጅግ ከባድ ነው ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ኢንሱሊን ቢጀመር ፖታሲየሙን ወደ ሕዋሳት መልሶ ያስገባውና በደም ውስጥ ያለው መጠን ይበልጥ ያሽቆለቁላል፤ የልብ ምት ሊዛባ፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሊደክሙ ይችላሉ። ስለዚህ ፖታሲየም ከ3.5 በታች እስከሆነ ድረስ ኢንሱሊን አይጀመርም፤ ፈሳሽና ፖታሲየም ይቀድማሉ። በእኛም ታካሚ ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ኢንሱሊን የተጀመረው በ07:10፣ ከደረሰች ከአምስት ሰዓት በኋላ ነበር።

መዝገቡን እንዳለ የሚያነብ ሰው ግን ይህን አያይም። የሚያየው በ02:10 የደም ስኳር 486 መሆኑንና እስከ 07:10 ድረስ ኢንሱሊን አለመሰጠቱን ነው። በጥድፊያ ላይ ያለ ተረኛ ሐኪም ተረስቷል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የዘገየውን ለማካካስ ተጨማሪ ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ በደም ሥር ሊሰጥ ይችላል፤ አሁን 3.6 የደረሰው ፖታሲየምም እንደገና ይወድቃል። በማነቃቂያ ወረቀቱ ላይ ውሳኔው ተጽፏል፤ ነገር ግን በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በሁለት የፈሳሽ ትእዛዞች መካከል፣ «ኢንሱሊን ይቆይ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ። አንድ ሕክምና ሆን ተብሎ ሲዘገይ ወይም ሲቀር ምክንያቱ ደብዳቤው መጀመሪያ ላይ፣ ከሕመሙ ስም ቀጥሎ መጻፍ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ ጻፍኩት፦

«የ26 ዓመት ታካሚ፣ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለባት፣ ኢንሱሊን በማቋረጥና ምናልባትም በኩላሊት ኢንፌክሽን ምክንያት ከባድ ዲያቤቲክ ኬቶአሲዶሲስ ይዟት የመጣች። ስትደርስ ፖታሲየሟ 3.0 ስለነበር ኢንሱሊን ሆን ተብሎ እንዲቆይ ተደርጓል፤ በ07:00 3.6 ሲደርስ በ07:10 በሰዓት 5 ዩኒት በደም ሥር ተጀምሯል። የማካካሻ ኢንሱሊን አያስፈልጋትም። የሚቀጥለው የፖታሲየም ምርመራ በ09:00 መወሰድ አለበት፤ ከ3.5 በታች ከሆነ ኢንሱሊኑን አቁማችሁ ፖታሲየሙን አስተካክሉ።»

ይህን አንቀጽ ከጻፍኩ በኋላ ነው ወደ ትሪያጅ ቅጹና ወደ ማነቃቂያ ወረቀቱ የተመለስኩት። አጀማመሩ በዚህ ቅደም ተከተል እንዲሆን የምመርጠው መዝገቡን ከፊት ወደ ኋላ እየገለበጥኩ ብጽፍ ደብዳቤው የመዝገቡን ቅርጽ ስለሚይዝብኝ ነው፤ በጊዜ ቅደም ተከተል የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ያደርሰዋል።

ከመዝገቡ ቁጥሮችን ስወስድ ሁልጊዜ ጥንድ አድርጌ ነው፤ ስትደርስ የነበረውንና አሁን ያለውን፣ ከነሰዓታቸው። በመካከል በየሩብ ሰዓቱ የተለኩት ሌሎች የደም ግፊቶች ለማነቃቂያ ክፍሉ አስፈላጊ ነበሩ፤ ለተቀባዩ ግን የጉዞውን አቅጣጫ ማወቅ ይበቃዋል። የደም ግፊት ከ86/54 ወደ 104/62፣ የልብ ምት ከ128 ወደ 108፣ ፒኤች ከ7.08 ወደ 7.14፣ አኒዮን ጋፕ ከ28 ወደ 24፣ የደም ስኳር ከ486 ወደ 340። እነዚህ አምስት ጥንዶች ታካሚዋ እየተሻላት እንደሆነና አሲዱ ግን ገና እንዳልጠፋ በአንድ እይታ ይናገራሉ። ፒኤች ከ7.0 በላይ ስለነበር ባይካርቦኔት እንዳልተሰጠም በአንድ ሐረግ ጨምሬአለሁ፤ ይህም ሆን ተብሎ የቀረ ነገር ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚወስድብኝ ክፍል የተሰጠውን ፈሳሽ መደመር ነው። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ሦስት ሊትር ኖርማል ሳላይን ታዟል፤ የመጀመሪያው ሊትር ብቻውን በአንድ ሰዓት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው እያንዳንዳቸው 40 ሚሊሞል ፖታሲየም ተጨምሮባቸው በሰዓት 500 ሚሊ ሊትር እንዲሄዱ። ትእዛዙን ብቻ ደምሬ ብጽፍ ሦስት ሊትርና 80 ሚሊሞል እላለሁ። ነገር ግን ነርሷ በጻፈችው ወረቀት ላይ፣ ሦስተኛው ሊትር እየሄደ ሳለ ካኑላው አብጦ ለ40 ደቂቃ እንደቆመና በሌላ ክንድ ላይ እንደተተከለ ተመዝግቧል። ወደ አልጋው ሄጄ የተሰቀለውን ፈሳሽ ሳየው 300 ሚሊ ሊትር ያህል ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ታካሚዋ የገባላት 2.7 ሊትርና 68 ሚሊሞል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ተቀባዩ የሚቀጥለውን የፖታሲየም መጠን የሚያሰላው «ይህን ያህል ሰጥተን ይህን ያህል ወጣ» ብሎ ነውና ቁጥሩ እውነተኛው መሆን አለበት። በዚያው መስመር ላይ በካቴተር የወጣው ሽንት 310 ሚሊ ሊትር መሆኑን ጻፍኩ፤ ሽንቷ መውረዱን ሳያዩ ፖታሲየም መቀጠል አደገኛ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን መታየት ይገባቸዋል።

ትሪያጅ ቅጹና ማነቃቂያ ወረቀቱ ያልተስማሙባቸው ሁለት ነገሮችም ነበሩ። ክብደቷ በትሪያጅ 60 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ እህቷ በግምት የተናገረችው ነው። በሚመዝነው አልጋ ላይ ስትመዘን 50 ኪሎ ሆነች፤ ኢንሱሊኑም በሰዓት 0.1 ዩኒት በኪሎ ተብሎ የተሰላው በዚህ ነው። በደብዳቤው ላይ 50 ብቻ ብጽፍ ተቀባዩ ትሪያጅ ቅጹን ሲያይ የትኛውን እንደሚያምን ግራ ይጋባል፤ «50 ኪሎ፣ የተመዘነ፤ በትሪያጅ የተጻፈው 60 የቤተሰብ ግምት ነው» ብዬ መጻፌ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ሁለተኛው አለርጂ ነው። የትሪያጅ ቅጹ «የለም» ይላል፤ ማነቃቂያ ወረቀቱ ላይ ግን በሕፃንነቷ ፔኒሲሊን ወስዳ ቆዳዋ ሽፍ ማለቱን እህቷ እንደተናገረች ተጽፏል። እዚህ ላይ የማይቻለውን ለመፍረድ አልሞከርኩም። ማን ምን እንዳለ ጽፌ፣ ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በ03:20 ተሰጥቷት ምንም እንዳልታየባት ጨመርኩ። ይህ ለሚቀጥለው ሐኪም የማያሻማ፣ በዓይን የታየ መረጃ ነው።

የተውኳቸው ነገሮች ይበዛሉ። ደህና ሆነው የተገኙት የአካል ምርመራ ክፍሎች፣ በማነቃቂያው ወቅት የነበሩት ባለሙያዎች ስም፣ ካኑላ ለመትከል የተደረጉት ሙከራዎች፣ በየጊዜው የተለኩት የደም ስኳሮች በሙሉ በመዝገቡ ውስጥ አሉ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ያገኛቸዋል። አንድ አሉታዊ ውጤት ግን አልተውኩም፤ የምታስመልስ ወጣት ሴት ስለሆነች የእርግዝና ምርመራዋ ነጻ መሆኑን ጻፍኩ። ካልተጻፈ ተቀባዩ መጠየቁ ስለማይቀር። ለመጨረሻ ጊዜ ረጅም የሚሠራውን ኢንሱሊን የወሰደችው ከሁለት ምሽት በፊት መሆኑንም እንዲሁ።

ወደ ፊት የሚመለከተው አንቀጽ ከመጀመሪያው ቀጥሎ የምጨነቅበት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሕመም ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት የሚፈጸመው ታካሚው ድንገተኛ ክፍልን ከለቀቀ በኋላ ነው። የደም ስኳር ከአሲዱ ቀድሞ ይስተካከላል፤ ስኳሩ ወርዶ ሲያዩት ኢንሱሊኑን ያቆሙታል፤ ኬቶን መመረቱን ይቀጥልና ታካሚው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንደገና በጥልቀት መተንፈስ ይጀምራል። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«የደም ስኳር ከ250 በታች ሲወርድ ኢንሱሊኑ ሳይቆም በፈሳሹ ላይ 5 በመቶ ዴክስትሮስ ይጨመር። ኢንሱሊኑ የሚቋረጠው ፒኤች 7.3፣ ባይካርቦኔት 18 ደርሶ መብላት ስትጀምር ሲሆን፣ ከመቋረጡ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ረጅም የሚሠራው ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ይሰጣት። የልብ ምቷ ከተዛባ፣ ንቃቷ ከቀነሰ ወይም ከፍተኛ የደም ግፊቷ ከ90 በታች ከወረደ ወዲያውኑ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይደወል።»

እነዚህን ገደቦች በቁጥር የምጽፈው «በቅርብ ይከታተሏት» የሚለው ሐረግ ለሌሊት ተረኛ ነርስ መቼ መደወል እንዳለባት ስለማይነግራት ነው። ቁጥር ካለ ግን ሐኪሙ አጠገቧ ባይኖርም መለኪያውን አይታ ትወስናለች።

የመጨረሻው መስመር ያልደረሱ ውጤቶች ናቸው፤ ከአንቲባዮቲኩ በፊት በ03:10 የተወሰዱት የደምና የሽንት ካልቸሮች። «ካልቸር ተልኳል» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ናሙናዎቹ ላይ የተለጠፈው የድንገተኛ ክፍል ስም ስለሆነ ላቦራቶሪው ባክቴሪያ ቢያገኝ የሚደውለው ታካሚዋን ወደማያውቅ ሌላ ተረኛ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን ከመፈረሜ በፊት ወደ ላቦራቶሪው ደውዬ የምትተኛበትን ክፍል አስቀየርኩ፤ በደብዳቤውም ላይ ናሙናዎቹ የተወሰዱበትን ሰዓት፣ የናሙና ቁጥራቸውንና ውጤቱ በቀጥታ ለውስጥ ደዌ ክፍል ተረኛ እንደሚነገር ጻፍኩ።