ኳሷ ጭራ ያወጣች ለት

ነሐሴ ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ ጌም ቤት ሞኒተሮቹን እንዳይለት ባለቤቱ ደወለልኝ። ደንበኞች አማረዋል። “ተጫዋቹ ሲሮጥ ከኋላው ጥላ ይከተለዋል” ይላሉ።

ቤቱ አንድ ዓይነት የሆኑ አሥር ሞኒተሮች አሉት። ባለ 24 ኢንች፣ ፓነላቸው ቪኤ፣ 144 ኸርዝ የሚሄዱ፣ ማለትም በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድሱ ናቸው። ስድስቱ ላይ ፕሌይስቴሽን 5፣ አራቱ ላይ ፒሲ ተሰክቷል። ቪኤ ፓነል ጥቁሩ ጥሩ ጥቁር ነው፤ ዋጋውም አይከብድም። ድክመቱ ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ሲሸጋገር መጎተቱ ነው። ስለዚህ ጥላውን ሳይ አልገረመኝም።

የሞኒተሩን ሜኑ ከፈትኩት። ፒክስሎቹ ቀለም እንዲቀይሩ የሚያጣድፈው Overdrive የሚለው ቦታ ላይ አራት ምርጫ አለ፦ Off፣ Normal፣ Fast፣ Extreme። ሁሉም Normal ላይ ናቸው። ባለቤቱ ይሄኔ ከጓዳ የሞኒተሩን ካርቶን ይዞ መጣ። “ወንድሜ፣ እዚህ ላይ 1 ms ይላል። እኔ ገንዘቤን ያወጣሁት ለዚህ ነው።” እውነቱን ነው፤ ይላል። ፒክስል ቀለም ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሚሊ ሰከንድ ነው ማለቱ ነው። ከሥሩ በደቃቁ ደግሞ ቁጥሩ የተለካው Extreme ላይ መሆኑን ይናገራል። እሱን ግን ያኔ አላነበብኩትም።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቤቱ ገና መከፈቱ። አንዱን ፒሲ አበራሁና testufo.com/ghosting ላይ ገባሁ። ትንሽ መርከብ ከግራ ወደ ቀኝ በሰከንድ 960 ፒክስል እየሄደች ታልፋለች፤ እሷን በዓይን መከተል ነው። Normal ላይ ከኋላዋ ደብዛዛ ጥላ አለ። Fast ላይ ቀነሰ። Extreme ላይ ጠፋ። አሥሩንም Extreme አድርጌ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እዚያ የሚሠራው አቤል ነው። “ጋሼ፣ ኳሷ ጭራ አወጣች። የተጫዋቾቹም ዙሪያ የሚያበራ ነገር አለ።” ጋሼ መባሉን ገና አልለመድኩትም፤ ግን ሄድኩ።

ልክ ነበር። ጥቁር ማሊያ የለበሰ ተጫዋች አረንጓዴው ሜዳ ላይ ሲሮጥ ከኋላው ከሣሩ የበለጠ የሚያበራ አረንጓዴ ይጎትታል። ነጭ ለባሹ ደግሞ ከሣሩ የጠቆረ ነገር ጥሎ ያልፋል። ትላንት የነበረው ጥላ ሄዶ በቦታው ሌላ መጥቷል፤ አዲሱ ደግሞ ከቀድሞው ይብሳል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኬብሉን ነው። ኤችዲኤምአይ ኬብል ሲያረጅ ግን ምስል ይቆራርጣል እንጂ ጭራ አይሠራም። ይህን እያወቅሁ ሁለት ኬብል ቀየርኩ። ሰው ሲጨንቀው እጁ የሚደርስበትን ነው የሚነካው። ቀጥሎ ሻርፕነስን ጠረጠርኩ፤ ሲበዛ በነገሮች ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያወጣልና። እዚህ ላይ አቤል ሳያስበው ረዳኝ። ደንበኛ ሊያናግር ጌሙን ፖዝ አደረገው። ምስሉ ቆመ፤ ጭራውም በቅጽበት ጠፋ። የሻርፕነስ መስመር ምስሉ ቢቆምም አይጠፋም። ይሄኛው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚመጣው። ጥፋተኛው ኦቨርድራይቭ ነው፤ ማለትም እኔ ነኝ።

ኦቨርድራይቭ የሚሠራውን በታክሲ ላስረዳ። አንድ ፒክስል ከጥቁር ግራጫ ወደ ነጣ ያለ ግራጫ መድረስ አለበት እንበል፤ ከ0 እስከ 255 ባለው የብርሃን ልክ ከ40 ወደ 120። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ክሪስታል የሚዞረው በሚሰጠው ቮልቴጅ ነው፤ የ120 ቮልቴጅ ብቻ ከተሰጠው ቀስ ይላል። ስለዚህ ሞኒተሩ ለአንድ ፍሬም ያህል የ150 ቮልቴጅ ይሰጠዋል። ክሪስታሉ 150 ሊደርስ ይሮጣል፤ 120 ላይ ሲደርስ ቀጣዩ ፍሬም ይመጣና ትክክለኛው ቮልቴጅ ይያዝለታል። ሾፌሩ ነዳጅ ረግጦ ፌርማታው ጋ ሲደርስ ፍሬን እንደመያዝ ነው። ፍሬኑ ከዘገየ ግን ፌርማታው ይታለፋል። ወራጁ “አሳለፍከኝ!” እያለ ወደ ኋላ በእግሩ ይመለሳል። ኳሷ ጋ ያየሁት ጭራ ይሄ የእግር መንገድ ነው፤ ፒክስሉ 120ን አልፎ ሄዶ ሲመለስ።

ፍሬኑን ምን አዘገየው? እዚህ ነው ያልተጠነቀቅኩት። ትላንት ጠዋት የፈተንኩት ፒሲ ላይ ነው፤ ፒሲው 144 ኸርዝ ይሄዳል። አንዱ ፍሬም 6.94 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። ልጆቹ ፕሌይስቴሽኑ ላይ የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጌም ግን ወደ ሞኒተሩ የሚገባው በ60 ኸርዝ ነው። እዚያ አንድ ፍሬም 16.67 ሚሊ ሰከንድ ነው። ያ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ከሁለት እጥፍ በላይ ለሚሆን ጊዜ ይቆያል ማለት ነው። ለ6.94 ሚሊ ሰከንድ የተመጠነ ግፊት ለ16.67 ከዘለቀ ፌርማታው መታለፉ አይቀርም። ግፊቱን ከሪፍሬሽ ሬቱ ጋር አብረው የሚቀይሩ ሞኒተሮች አሉ፤ እነዚህ ግን ከነዚያ አይደሉም።

ሌላም ነገር ነበረበት። ጠዋት ሞኒተሩ ገና መብራቱ፣ ቤቱ ደግሞ የነሐሴ ብርድ ነው። ፈሳሽ ክሪስታል ሲቀዘቅዝ ይወፍርና ይዘገያል። ብርድ ላይ ትክክል የሆነ ግፊት ሞኒተሩ ሲሞቅ ይበዛል። እኔ ሞኒተሩን የፈተንኩት በጣም በሚያዘግመው ሰዓት ነው፤ ደንበኛ የሚያየው ግን ከሰዓት፣ ሞኒተሩ ለሰዓታት በርቶ፣ ቤቱም በሰው ሞልቶ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ አሁን ግን በሞቀ ሞኒተር ላይ። ፕሌይስቴሽኑ ላይ ያንን ገጽ መክፈት ስለማይመች አንድ ፒሲ ፕሌይስቴሽን ያላቸው ስድስቱ ወዳሉበት ረድፍ ወስጄ ሰካሁ። ዊንዶውስ ላይ Advanced display ገብቼ ሪፍሬሽ ሬቱን 60 አደረግሁት። ገጹ ራሱ የለካውን ቁጥር ስለሚጽፍ 60 ማለቱን አየሁ። ከዚያ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ሄድኩባቸው።

የማያት አንድ ነገር ብቻ ነበረች። ጭራው ምን ዓይነት ቀለም አለው? ጥላ ሲሆን ቀለሙ በመርከቧና በዳራው መካከል ነው፤ የሁለቱ ቅልቅል። ግፊት ሲበዛ ግን ምስሉ ላይ የሌለ ቀለም ይመጣል። ከዳራው የበለጠ ያበራል፣ ወይም ከሁለቱም ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ለየብቻ ስለሚያልፉ ነው። በመካከል ያለ ቀለም ካየሁ ግፊት አነሰ፤ ከውጭ የመጣ ቀለም ካየሁ ግፊት በዛ። ከዚህ ሌላ መለኪያ አላስፈለገኝም። ገጹ መርከቧን ከጨለማ እስከ ብርሃን በሆኑ የተለያዩ ዳራዎች ላይ ያሳያል፤ ሁሉንም ማየት ያስፈልጋል። አንዱ ላይ ንጹሕ የሆነ ሌላው ላይ ሊበላሽ ይችላልና።

በ60 ኸርዝ Extreme ላይ ውጤቱ አስቀያሚ ነበር፤ ከመርከቧ ኋላ ሌላ ነጭ መርከብ አለች ማለት ይቻላል። Fast ላይ ነጩ ቀጠነ፣ ግን አለ። Normal ላይ ነጩ ጠፋና ቀለል ያለ ጥላ ቀረ። ወደ 144 መለስኩት። Extreme ሲሞቅ እዚህም ነጭ ጠርዝ አውጥቷል። Fast ግን ጥሩ ነው፤ ጨለማው ዳራ ላይ ብቻ ትንሽ ጥላ ይቀራል። አቤልን ጠርቼ የትኛው እንደሚያናድደው ጠየቅሁት። “ጥላውን ካልነገርከኝ አላየውም፤ ነጩን ግን ሳልፈልግ ነው የማየው” አለኝ። የእኔም ዓይን እንደዚሁ ነው። ጥላ ከብዥታ ጋር ይመሳሰላል፤ ዓይን ይለምደዋል። ምስሉ ላይ የሌለ ቀለም ግን ሁልጊዜ ይጠራሃል። ሁለቱን አንድ ላይ ማጥፋት ካልተቻለ እኔ ጥላውን እመርጣለሁ።

ስድስቱን Normal፣ አራቱን Fast አድርጌ ጨረስኩ። ከአራቱ በአንዱ ደግሞ ፒሲም ፕሌይስቴሽንም ተሰክቷል፤ ሞኒተሩም ለእያንዳንዱ ሶኬት ለብቻ አይዝም። እዚያ ላይ Gamer 1 እና Gamer 2 የሚሉትን ማስቀመጫዎች ተጠቀምኩ፦ አንዱ ለ144፣ አንዱ ለ60። አቤል ሲቀይር ሁለት ቁልፍ ብቻ ይጫናል።

ያልፈታሁትም አለ። አንድ ልጅ ማታ ማታ ጨለማ ካርታ ያለው የተኩስ ጌም ይጫወታል፤ ከጥቁሩ ግድግዳ ኋላ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ይጎተታል። ፒክስሉ ከድፍን ጥቁር ሲነሣ በጣም ያዘግማል፤ Fast ያለው ግፊት አይበቃውም። ወደ ድፍን ጥቁር ሲመለስ ደግሞ ግፊት የሚባል ነገር የለም፤ ከዜሮ በታች መግፋት አይቻልማ። ሜኑው ውስጥ ጨለማውን ከፍ የሚያደርገውን አንድ ደረጃ ጨመርኩለት። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ሸሸ፣ ጥቀርሻውም ቀነሰ። “ሌሊቱ አመሻሽ መሰለ” አለኝ። እውነቱን ነው።

60ው ላይ የቀረው ብዥታስ? እሱ ኦቨርድራይቭ የሚያጠፋው አይደለም። ፒክስሉ በቅጽበት ቢቀየር እንኳ ምስሉ እስከ ቀጣዩ ፍሬም ቆሞ ይጠብቃል፤ ዓይን ግን መሄዱን አያቆምም። በሰከንድ 960 ፒክስል የምትሄድ መርከብ በ60 ኸርዝ በየፍሬሙ 16 ፒክስል፣ በ144 ደግሞ ወደ 7 የሚጠጋ ትዘላለች። የብዥታው ስፋትም ያንኑ ያህል ነው። አቤል ይህን ሲሰማ “እና 60ው ላይ Extreme ብናደርገውም አይጠራም?” አለ። አይጠራም።

በየሞኒተሩ ጀርባ ወረቀት ለጠፍኩ፦ “60 – Normal፣ 144 – Fast። ግማሽ ሰዓት ሳይበራ አትንኩ።” ከሳምንት በኋላ በዚያ ሳልፍ ገባሁ። ቁጥር አራት ላይ ኳሷ ጭራ አውጥታለች። ሜኑውን ከፈትኩ፤ Extreme። አቤልን ዞሬ አየሁት። እሱ ምንም ሳይል በአገጩ ወደ ባለቤቱ ጠቆመኝ። ባለቤቱ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አቁሞታል፤ 1 ms የሚለው ጎን ወደ ደንበኛ ዞሮ።