«አስከፈትኩት»

የምሠራበት ፋብሪካ ደብረ ብርሃን ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በሰው ሀብት ክፍል ተርጓሚ ነኝ። የፈረቃ ኃላፊዎች በእጃቸው የሚጽፉትን የአደጋ ሪፖርት ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ ማቅረብ ከሥራዎቼ አንዱ ሲሆን፣ ያንን ጠዋት የደረሰኝም ከሌሊት ፈረቃ የመጣ አራት መስመር ብቻ የሆነ ወረቀት ነበር። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጥጥ ተወትፎ ማበጠሪያው ድምፅ ቀየረ። አስቆምኩት። ክዳኑን አስከፈትኩት። ልጁ እጁን ሲሰድ ሲሊንደሩ ገና እየዞረ ስለነበር ጣቱ ተላጠ።»

ጉዳቱ በክሊኒክ ታጥቦ በፋሻ የተጠቀለለ ቀላል ጉዳት ነበር። ይሁን እንጂ የማበጠሪያው ሲሊንደር ከባድ በመሆኑ ኃይል ከተቋረጠም በኋላ ለደቂቃዎች በራሱ ጉልበት ይዞራል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ክዳኑ እንዳይከፈት የሚከለክል ማስታወቂያም ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። ስለዚህ አለቃው ሊጠይቅ የሚችለው ማን ምን እንዳደረገ ነው፤ የሚያየው ደግሞ የእኔን እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

እኔም ተረጎምኩ። «አስቆምኩት» ያለውን «ስቶፕድ ኢት» አልኩት፤ «አስከፈትኩት» ያለውን ደግሞ «ሜድ ሂም ኦፕን ኢት»። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ትምህርት ቤት ሳለን «አስ» የሚል ምዕላድ ባየን ቁጥር «ሜክ» የሚለውን እንድንደቅን ነበር የተማርነው፤ እኔም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ይዤው ነበር።

በሦስተኛው ቀን የፈረቃ ኃላፊው ከፋብሪካው ቱታ በላይ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ቢሮዬ ገቡ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው የአባቴ ታናሽ ወንድም ያህላል። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው ቆሙ። ደብዳቤው ሁለት ጥፋት ይዘረዝራል፦ የኦፕሬተሩን የማቆሚያ ቁልፍ ያለ ፈቃድ በራሳቸው እጅ መንካታቸውን፣ ሠራተኛውንም አስገድደው ክዳን ማስከፈታቸውን።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ምን ብለህ ነው ይህን ያስጻፍክብኝ?»

«እኔ አላስጻፍኩም ጋሼ። እርስዎ የጻፉትን ነው የተረጎምኩት።»

«ማንን ነው ያስገደድኩት?»

«'አስከፈትኩት' ብለው የለ?»

«አስከፈትኩት አልኩ እንጂ አስገድጄ አስከፈትኩት አልኩ? የሰው በሬ ማሳህ ገብቶ ገብስህን ሲጨርሰው 'ገብሴን አስበላሁ' ትላለህ። ብላ ብለህ አዝዘኸው ነው?»

የምመልሰው አጣሁ። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። የሆነውን ቆመው ነገሩኝ። ድምፁ ሲቀየር ኦፕሬተሩን «አቁመው» ብለዋል፤ ቁልፉን የተጫነው ልጁ ነው። ከዚያ ልጁ «ልክፈተው እንዴ ጋሼ?» ሲል «እሺ» ብለዋል። በቃ ይኸው ነው።

ከሄዱ በኋላ አራቱን መስመሮች እንደገና አነበብኳቸው። የመጀመሪያው ስሕተቴ ሰውን ማጥፋት ነበር። በእኛ ቋንቋ ማሽኑ «ቆመ» ሲባል በራሱ ነው፤ «አቆመ» ሲባል አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ነው፤ «አስቆመ» ሲባል ግን አንዱ ብሎ ወይም ጠርቶ ሌላው እጁን ዘርግቶ ነው። «ቆመ» ተሳቢ የማይሻ ግሥ በመሆኑ አንድ ምዕላድ «አ» ሲጨመርበት አንድ አድራጊ ይገባል፤ «አስ» ሲተካ ሁለተኛው ይገባል። ወረደ፣ አወረደ፣ አስወረደ፤ ፈላ፣ አፈላ፣ አስፈላም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዝኛው ግን ለማሽኑም ለኦፕሬተሩም ያው «ስቶፕ» ነው። የፈረቃ ኃላፊው ሆን ብለው ሦስተኛውን ደረጃ መርጠው ሳለ እኔ ሁለተኛው ላይ አወረድኳቸው፤ የልጁ ጣት ከቁልፉ ላይ ተነሥቶ የእርሳቸው ጣት ተተካ። «ሃድ ኢት ስቶፕድ» ብል ኖሮ አንዱ ክስ ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ ግን የከበደ ነው፤ አሁንም የሚቆረቁረኝ እርሱ ነው። «ከፈተ» ራሱ ተሳቢ የሚሻ ግሥ ስለሆነ «አከፈተ» አይባልም፤ በቀጥታ «አስከፈተ» ይሆናል፤ ጻፈ «አስጻፈ»፣ ቆረጠ «አስቆረጠ» እንደሚሆነው። ታዲያ «አስ» የሚነግረን በመካከል ሌላ ሰው መኖሩን ብቻ ነው። ይህ ሌላ ሰው ተገድዶ፣ ታዝዞ፣ ተለምኖ፣ ተፈቅዶለት ወይም ሳይታይ ገብቶ ያድርገው፣ ምዕላዱ አይናገርም። ማስገደድን መናገር የፈለገ «አስገድጄ» የሚል ሌላ ግሥ ያመጣል፤ ሰውየው እንዳሉት። እንግሊዝኛው በተቃራኒው ዝም ማለት አያውቅም፤ «ሜድ» ብትል አስገድደሃል፣ «ሃድ» ብትል አዝዘሃል፣ «ጎት» ብትል አግባብተሃል፣ «ሌት» ብትል ፈቅደሃል። ልጁን ከጠሩ አንዱን ሳይመርጡ ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ይከብዳል። ዋናው ጽሑፍ ያላለውን የምመርጠው እንግዲህ እኔ ነበርኩ፤ መምረጤን እንኳ ሳላውቅ መረጥኩ።

የገብሱ ምሳሌም ዝም ብሎ የተወረወረ አልነበረም። «በላ» ተሳቢ የሚሻ ግሥ ሆኖ ሳለ ከእነ «ጠጣ»፣ «ለበሰ» እና «ጎረሰ» ጋር ሆኖ «አ»ን ይወስዳል፦ አበላ፣ አጠጣ፣ አለበሰ፣ አጎረሰ። አድራጊው ነገሩን ወደ ራሱ አካል የሚያስገባባቸው ወይም በራሱ አካል ላይ የሚያደርግባቸው ግሦች ስለሆኑ፣ የሚያበላው ሰው በገዛ እጁ ያቀርባል። «በሬዎቹን ገብስ አበላ» ያልነው ሰው ድርቆሽ ሲያቀርብ እንደሚያደርገው በፈቃዱ ሰጥቷል። «ገብሱን በበሬ አስበላ» ያልነው ግን አጥሩን ሳይጠግን የቀረ ነው፤ እያዘነ ነው። ዋንጫውን ያስነጠቀ ቡድንም እንዲሁ ነጣቂውን አልላከም። ስለዚህ «አስ» ከትእዛዝ እስከ ቸልተኝነት ይዘረጋል፤ እንግሊዝኛው ለበሬው «ፊድ» የሚል ራሱን የቻለ ግሥ ሲኖረው፣ ለተበላበት ገበሬ ግን እንዲህ ያለ አንድ ግሥ የለውም። (በእኛም በኩል ሁሉ ነገር በምዕላድ የሚያልቅ እንዳይመስል፦ «ሞተ» ለሚለው «አሞተ» አንልም፤ እንደ እንግሊዝኛው ሌላ ግሥ እንይዛለን፣ «ገደለ»። ምዕላዱ የሚመጣው «አስገደለ» ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው የሁለቱን ልዩነት ያውቀዋል።)

ደግሞ ያ መጨረሻ ላይ ያለው «ት» አለ። «ክዳኑን አስከፈትኩት» ሲባል «ት» ክዳኑም ልጁም ሊሆን ይችላል። እኔ «ሂም» ብዬ ልጁን አደረግኩት፤ ያኔ ነው ዐረፍተ ነገሩ ወንጀል የመሰለው። ኦፕሬተሯ ሴት ብትሆን ኖሮ «አስከፈትኳት» እርሷን፣ «አስከፈትኩት» ደግሞ ክዳኑን ያመለክት ነበር፤ ጥርጣሬው ባልኖረ ነበር። «ክዳኑ እንዲከፈት አደረግኩ» ለማለት ጽፈው እንደሆነ ግን ልጁን እኔ ነኝ ወደ ዐረፍተ ነገሩ የጎተትኩት።

የማስተካከያ ጽሑፍ አዘጋጅቼ፣ «ሃድ ኢት ስቶፕድ» እና «ሌት ሂም ኦፕን ኢት» ብዬ፣ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ገልጬ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው። የቁልፉን ክስ በዚያው ሰረዘ። ማስገደዱንም ሰረዘ። ሲሊንደሩ ሳይቆም መፍቀድ ግን ያው ጥፋት ነው ብሎ ማስጠንቀቂያውን በዚህ ብቻ ወስኖ አጸናው፤ ይህንን ልከራከር አልቻልኩም፤ ማስታወቂያው ማሽኑ ላይ ተለጥፏል። ኃላፊው አዲሱን ደብዳቤ ተቀብለው «እንግዲህ ይህን ያህል ካስቀረህልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። ይቅርታ ይሁን ምጸት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያልጠበቅኩት የመጣው በማግስቱ ነው። «ሌት» የሚለው ቃል የሚፈቀድለት ሰው ፈልጎ ነበር ማለት ነው፤ ካልፈለገ ምን ይፈቀድለታል? ሥራ አስኪያጁም ይህንኑ አነበበና ልጁን አስጠራው። ጣቱ እንደ ተጠቀለለ ከሰው ሀብት ደብዳቤ ይዞ ወጣ፤ መመሪያ ጥሶ ክዳን ለመክፈት ራሱ በመጠየቁ። የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ትርጉም ምን ነበረው?» አለኝ። በእርግጥም ለእርሱ ምንም አልነበረውም፤ በ«ሜድ» ጊዜ ተበዳይ ነበር። ትክክለኛውን ቃል ያገኘሁለት ቀን ጥፋተኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሪፖርት ላይ «አስ» ባየሁ ቁጥር ሳልተረጉም ስልክ አነሣለሁ። «ጋሼ፣ ያስነሡት አዝዘው ነው ወይስ ፈቅደው?» እላለሁ፤ ቅጹም ላይ በእኔ ሐሳብ «ማን አደረገ? ማን አዘዘ ወይም ፈቀደ?» የሚሉ ሁለት ባዶ መስመሮች ተጨመሩ። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ያለፈው ወር ሪፖርቶች እነሆ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። በአንዳቸውም ውስጥ «አስ» የለም። «ማሽኑ ቆመ። ክዳኑ ተከፈተ። ጥጡ ወጣ። እጅ ተነካ።» ሁለቱም መስመሮች ባዶ ናቸው። ይህን ደግሞ ቃል ሳላጎድል መተርጎም ቀላል ነው፤ እንግሊዝኛው ለዚህ አይነፍገንም። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ጠዋት አንዱን ይዞ መጣና በብዕሩ ጫፍ «ተከፈተ» የሚለውን ትርጉም እየነካ፣ «ባይ ሁም?» አለኝ።