በድምፅ የሚፈተን ኅብረ ቃል

ትናንት ማታ እዚህ ጅማ በተካሄደ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ የቡድኖቹን ስም የመዳኘት ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር፤ የምሽቱ ርዕስ ቡና ነው። «ገና አቦል» የሚለው ስም ወረቀት ላይ አስቆኛል፤ ሲላላ «ገና መጀመራችን ነው» ማለት ሲሆን፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ቡና ይሆናል። ይሁንና መድረክ መሪው ጮክ ብሎ ሲያነበው ማላላት ወይም ማጥበቅ ግድ ስለሆነበት፣ አዳራሹ የሰማው አንዱን ፍቺ ብቻ ነው። «ከደጋ ለቅመን ቆላን» ግን አገሩ ቆላም ሆነ ቡና የቆላው እኩል ስለሚጠብቁ፣ «ደጋ» የሚለው ቃልም ቀድሞ የአገሩን ፍቺ ስለሚጠቁም፣ ሳቁ ማብራሪያ ሳይጠብቅ መጣ። (ቡና የሚበቅለው ወይና ደጋ ነው ብሎ የተከራከረ አልጠፋም፤ እውነቱን ነው፣ ነጥብ ግን አልቀነስኩም።)